በማይነስ አራት መነጽር ምስሉ የት ይቀመጣል?

በታኝ ሌንስ መሃሉ ቀጭን፣ ጠርዙ ወፍራም ነው። ትይዩ ሆነው የመጡ የብርሃን ጨረሮች በውስጡ ሲያልፉ ወደ ጠርዙ ታጥፈው እየተራራቁ ስለሚወጡ ከሌንሱ ማዶ የትም አይገናኙም። ይህ ሌንስ በብዛት የሚገኘው ሩቅ ማየት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች በሚታዘዝ መነጽር ላይ ነው። የዓይን ሐኪም ማዘዣው ላይ −4.00 ብሎ ሲጽፍ፣ መነጽር ሻጩም «ማይነስ አራት» ብሎ ሲያነበው፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ በታኝ ሌንስ ነው። ቁጥሩ የሌንሱን ኃይል በዳዮፕተር ይገልጻል። አንድን ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት የሌንሱ የትኩረት ርቀት በሜትር ይገኛል፦ 1 ÷ (−4) = −0.25 ሜትር፣ ማለትም −25 ሴንቲ ሜትር።

ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትሩ ከምን እስከ ምን የተለካ ነው? ሰብሳቢ ሌንስ ፀሐይ ላይ ቢያነጣጥሩት ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል፤ ወረቀት እስኪያጨስ ድረስ የሚያሞቀው ያ ነጥብ የትኩረት ነጥቡ ነው። በታኙ ሌንስ እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም። ሆኖም ከሌንሱ የወጡትን የተበተኑ ጨረሮች በማስመሪያ ወደ ኋላ ቢያስረዝሟቸው ሁሉም ብርሃኑ በመጣበት በኩል አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ብርሃኑ በዚያ ቦታ ተሰብስቦ አያውቅም፤ ከዚያ የተነሣ ይመስላል እንጂ። ከዚህ ነጥብ እስከ ሌንሱ መሃል ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ ሲሆን፣ ነጥቡ የይስሙላ መሆኑ የሚገለጸው ከቁጥሩ ፊት በሚቀመጠው የኔጌቲቭ ምልክት ነው።

በዚህ ርዕስ ተማሪን የሚያደናግረው ሒሳቡ ራሱ አይደለም። ሁለት ክፍልፋይ መደመር ለሰባተኛ ክፍል ተማሪም አይከብድም። የሚያደናግረው ምልክቱ ነው፤ ምክንያቱም ፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ በላይ የምልክት ደንብ አለ። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሲደባለቁ ግን ሁሉም ይሳሳታሉ። እዚህ ላይ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት የሚከተሉት ደንብ ተይዟል። የዕቃው ርቀት u፣ የምስሉ ርቀት v፣ የትኩረት ርቀቱ f ይባላል፤ ሦስቱም የሚለኩት ከሌንሱ መሃል ነው። ከሌንሱ ፊት የተቀመጠ እውነተኛ ዕቃ u ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ምስሉ ብርሃኑ በሚወጣበት በሌንሱ ማዶ ከተፈጠረ v ፖዘቲቭ፣ ዕቃው ባለበት በኩል ከታየ ደግሞ v ኔጌቲቭ ይሆናል። f ለሰብሳቢ ሌንስ ፖዘቲቭ፣ ለበታኝ ሌንስ ኔጌቲቭ ነው። ቁመት ከዋናው ዘንግ ወደ ላይ ሲሆን ፖዘቲቭ፣ ወደ ታች ሲሆን ኔጌቲቭ ነው። ከዚህ ደንብ ጋር የሚሄዱት ቀመሮች እነዚህ ናቸው፦

1/f = 1/u + 1/v

m = −v/u

m የማጉላት መጠን ሲሆን የምስሉ ቁመት ለዕቃው ቁመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ተገልብጧል። ስሙ «ማጉላት» ቢሆንም ውጤቱ ከአንድ ሲያንስ ምስሉ ከዕቃው ያነሰ ነው ማለት ነው፤ በበታኝ ሌንስ ዘወትር የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

አንድ ጉዳይ በቁጥር እስከ መጨረሻው ይታይ። 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ማይነስ አራት ሌንስ ከጠርሙሱ 100 ሴንቲ ሜትር ርቆ ተይዟል። እንግዲህ u = +100 እና f = −25 ነው። ከቀመሩ 1/v ለብቻው ሲወጣ፦

1/v = 1/f − 1/u = −1/25 − 1/100 = −4/100 − 1/100 = −5/100

v = −20 ሴንቲ ሜትር

m = −(−20)/100 = +0.2

v ኔጌቲቭ ስለሆነ ምስሉ ያለው ጠርሙሱ ባለበት በኩል፣ ከሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። m ፖዘቲቭ ስለሆነ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይታያል። ቁመቱ 0.2 × 20 = 4 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ቢያስቀምጡ ምንም አይታይበትም፤ ጨረሮቹ ከዚያ የመጡ ይመስላሉ እንጂ በዚያ አልተገናኙም። ምናባዊ ምስል የሚባለውም ለዚህ ነው። በሌንሱ ውስጥ አሻግሮ የሚያይ ዓይን ግን የተበተኑትን ጨረሮች ተቀብሎ ራሱ ስለሚሰበስባቸው ትንሿን ጠርሙስ ጥርት አድርጎ ያያታል።

ይኸው ውጤት ያለ ምንም ቀመር በእርሳስና በማስመሪያ ሊገኝ ይችላል። የሚያስፈልገው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ነው። በአግድም አንድ ካሬ 5 ሴንቲ ሜትርን፣ ወደ ላይ ደግሞ አንድ ካሬ 2 ሴንቲ ሜትርን ይወክል። ሁለቱ ሚዛኖች መለያየታቸው ማዕዘኖቹን ያዛባል፤ ጨረሮቹ የሚገናኙበትን ቦታ ግን አይቀይርም። አግድም መስመር ይሰመርና ዋናው ዘንግ ይሁን፤ በእሱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር ደግሞ ሌንሱን ይወክል። ጠርሙሱ ከሌንሱ በስተግራ 20 ካሬ ርቆ፣ 10 ካሬ ቁመት ይዞ ይቆማል። የትኩረት ነጥቦቹ F ከሌንሱ በግራም በቀኝም 5 ካሬ ላይ ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ጨረር ከጠርሙሱ ጫፍ A ተነሥቶ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ሌንሱ ድረስ ይሄዳል። ሌንሱ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍበትም አቅጣጫ ከግራው F እንደተነሣ ሆኖ ነው። ስለዚህ ማስመሪያው በግራው F እና ጨረሩ ሌንሱን በነካበት ነጥብ ላይ ይጋደማል። ከሌንሱ በስተቀኝ ያለው በሙሉ መስመር፣ በስተግራ ያለው በነጠብጣብ ይሠመራል። ሁለተኛው ጨረር ከዚያው ጫፍ ተነሥቶ በሌንሱ መሃል ሳይታጠፍ ያልፋል። በስተግራ በኩል ነጠብጣቡ ይህን ሁለተኛ ጨረር የሚያቋርጥበት ቦታ B የምስሉ ጫፍ ነው።

```
                                        |   /
                                        | /
A---------------------------------------|
|       \                             . |
|               \                   .   |
|                       \         .     |
|                               B       |
+-----------------------------F-+-------+---------F-----
                                        |       \
```

ካሬዎቹ ሲቆጠሩ B ከሌንሱ በስተግራ 4 ካሬ፣ ከዘንጉ በላይ 2 ካሬ ላይ ይገኛል፤ ይህም 20 ሴንቲ ሜትር ርቀትና 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። በሥዕሉ ላይ ያልገባ ሦስተኛ ጨረርም አለ። እሱ ከA ተነሥቶ በስተቀኝ ወዳለው F ያመራል፤ ሌንሱ ላይ ሲደርስ ግን ይታጠፍና ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይወጣል። ሌንሱን የሚነካው ልክ 2 ካሬ ከፍታ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲረዝም በB ያልፋል። ሦስተኛው መስመር በB ካላለፈ ከሦስቱ አንዱ ተዛብቶ ተሠምሯል ማለት ነው፤ በአብዛኛው ጥፋተኛው የመጀመሪያው ነው፤ ሠሪው የሰብሳቢ ሌንስ ልማድ ይዞት ጨረሩን ወደ ቀኙ F ዝቅ አድርጎት ይሆናል። ሌንሱን የሚወክለው መስመር ከእውነተኛው የመነጽር ሌንስ ቢረዝም ችግር የለውም። ከA ተነሥቶ በትንሹ ሌንስ በኩል የሚያልፍ ማንኛውም ጨረር ከB የመጣ መስሎ ስለሚወጣ፣ ለሥዕል የሚያመቹት ጨረሮች ከሌንሱ ጠርዝ ውጭ ቢውሉ የምስሉ ቦታ አይለወጥም።

ሁለተኛው የታወቀ ደንብ የሒሳብ መምህራን የሚወዱት ነው። ሌንሱ እንደ ዜሮ ይቆጠርና ብርሃኑ ወደ ቀኝ ሲጓዝ በስተግራ ያለው ርቀት ሁሉ ኔጌቲቭ፣ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናል። በዚህ ደንብ የጠርሙሱ u ራሱ −100 ነው፤ ቀመሮቹም ተለውጠው 1/f = 1/v − 1/u እና m = v/u ይሆናሉ። ሲሠራ 1/v = −1/25 − 1/100 ይመጣና v = −20፣ m = (−20)/(−100) = +0.2 ይሆናል። መልሱ አንድ ነው፤ የመስታወቱን ባሕርይ ደንብ አይለውጠውም።

አደጋው ከአንዱ ደንብ ቀመሩን፣ ከሌላው ደንብ ምልክቱን የወሰዱ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቀመር ይዞ u = −100 ያስገባ ሰው 1/v = −1/25 + 1/100 = −3/100 ያገኛል፤ v = −33.3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ስሕተት ተንኮለኛ ነው፤ ምልክቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ መልሱ ትክክል ይመስላል። የማጉላቱን ቀመር ደግሞ ከሁለተኛው ደንብ ቢወስድ m = +0.33 ይመጣል፤ ቀጥ ያለ፣ ያነሰ ምስል ሆነና ማንም አይጠረጥረውም። የሚያጋልጠው ሥዕሉ ነው። የመጀመሪያው ጨረር ነጠብጣብ ከሌንሱ ተነሥቶ F ላይ ዘንጉን ይነካል፤ ከዚያ አልፎ ከዘንጉ በታች ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የቆመ ምስል ጫፉ ከዘንጉ በላይ ስለሆነ የግድ በF እና በሌንሱ መካከል መሆን አለበት። በታኝ ሌንስ ከእውነተኛ ዕቃ የሚሠራው ምስል ከትኩረት ርቀቱ አልፎ ሊቀመጥ ከቶ አይችልም። 33.3 ከ25 ስለሚበልጥ መልሱ ስሕተት ነው። f ላይ ኔጌቲቩን የረሳ ሰው ግን v = +33.3 እና m = −0.33 ስለሚያገኝ፣ የተገለበጠ ጠርሙስ ሲያይ ወዲያው ይነቃል።

ጠርሙሱ ቦታውን ቢቀይር ምስሉም ይንቀሳቀሳል፤ ግን በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ጠርሙሱ ወደ ሌንሱ ቀርቦ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም ምስሉ 12.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፤ ቁመቱም የጠርሙሱ ግማሽ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢጠጋ ምስሉ 4.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ከጠርሙሱ ብዙም አያንስም። ወደ ኋላ 6 ሜትር ቢርቅ ምስሉ 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ማለቂያ በሌለው ርቀት ያለ ኮከብ ደግሞ ምስሉ ልክ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ከሌንሱ እስከ ሰማይ ጥግ ያለው ዓለም በሙሉ በሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ታጥፎ ይገባል።

መነጽሩ የሚጠቅመውም በዚህ ነው። ማይነስ አራት የሚያስፈልገው ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ነው። መጽሐፍ አፍንጫው ሥር አድርጎ በደንብ ያነባል፤ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ግን አንድ ፊደል አይለይም። የዓይኑ ኳስ ለዓይኑ ሌንስ ኃይል ረዝሞበት የሩቅ ዕቃ ምስል ከሬቲናው ፊት ለፊት ስለሚያርፍ ነው። መነጽሩ ሰሌዳውን አያቀርብለትም፤ የሰሌዳውን ምናባዊ ምስል ዓይኑ በሚደርስበት ክልል ውስጥ ያስቀምጥለታል እንጂ። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፍ ምስል የሚሠራው ሬቲና ላይ መሆኑን ሲያስረዳ የዚህን መነጽር አሠራርም አብሮ ገልጿል። መነጽሩ ከዚያ በፊት ቢያንስ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ዓይን ላይ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። 6 ሜትር ርቆ የቆመ ዕቃ m = 0.04 ከሆነ ምስሉ ከዕቃው ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ነው። ታዲያ መነጽር ያደረገ ሰው ዓለምን እንደ አሻንጉሊት ቤት ለምን አያይም? መልሱ ምስሉ ያነሰውን ያህል ወደ ዓይን መቅረቡ ነው። አንድ ነገር ትልቅ ወይም ትንሽ መስሎ የሚታየው ዓይን ላይ በሚሠራው ማዕዘን መጠን ነው። 24 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዕቃ 6 ሜትር ላይ ሲቆም ምስሉ 0.96 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ከሌንሱ መሃል ሲታዩ ሁለቱ እኩል ማዕዘን ይይዛሉ። ዓይን ግን ከሌንሱ መሃል ላይ ሳይሆን 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከኋላው ነው። ከዓይን ሲለካ ዕቃው 601.2፣ ምስሉ 25.2 ሴንቲ ሜትር ላይ ናቸው። 24 ለ601.2 ሲካፈል 0.0399፣ 0.96 ለ25.2 ሲካፈል 0.0381 ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ አምስት የማይሞላ ነው። ከባድ ማይነስ የሚያደርጉ ሰዎች መነጽራቸውን ሲያወልቁ ነገር ሁሉ ደብዛዛ ቢሆንም ትንሽ ገዘፍ ያለ የሚመስላቸው፣ ከፊት ለፊታቸው ለሚያያቸው ሰው ደግሞ ዓይናቸው አነስ ብሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሌንሱን ዓይነት ያለ መሣሪያ መለየት ይቻላል። መነጽሩ በክንድ ርቀት ተይዞ ከማዶ ያለ የበር ወይም የመስኮት ጠርዝ በሌንሱ ውስጥ ይታያል። ሌንሱ ቀስ ተብሎ ወደ ቀኝ ሲገፋ በውስጡ የሚታየው ጠርዝ አብሮት ወደ ቀኝ ከሄደ ሌንሱ በታኝ ነው፤ ሰብሳቢ ከሆነ ጠርዙ በተቃራኒው ወደ ግራ ይሸሻል። መነጽር ሠሪዎች ይህን ዘዴ ወደ መለኪያነት አሳድገውታል። ኃይላቸው የታወቀ ፕላስ ሌንሶችን አንድ በአንድ ከማይነሱ ጋር ደርበው ያንቀሳቅሳሉ። እንቅስቃሴው ጨርሶ የጠፋበት ፕላስ ቁጥር የማይነሱ ቁጥር ነው፤ ፕላስ አራት ማይነስ አራትን ሲያጣፋ ሁለቱ ተደርበው እንደ ተራ መስኮት መስታወት ይሆናሉ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከሌንሱ ፊት እውነተኛ ዕቃ ሲኖር ነው። በታኝ ሌንስ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ምስል መሥራት አይችልም የሚለው አባባልም በዚህ ሁኔታ ብቻ ይጸናል። ጨረሮቹ ሌንሱ ላይ ሳይደርሱ በሌላ ሰብሳቢ ሌንስ መሰብሰብ ጀምረው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አንድ ሰብሳቢ ሌንስ ጨረሮቹን ወደ አንድ ነጥብ እየላካቸው ሳለ ከነጥቡ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ማይነስ አራቱ መሃል ይግባ። ለእሱ «ዕቃው» ያለው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው፣ ጨረሮቹ ሊገናኙ ባቀዱበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በያዝነው ደንብ u = −20 ይሆናል። ሲሠራ፦

1/v = −1/25 − 1/(−20) = −4/100 + 5/100 = 1/100

v = +100 ሴንቲ ሜትር፣ m = −100/(−20) = +5

ምልክቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ምስሉ ከሌንሱ ማዶ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ያለ በታኙ ሌንስ ሊሠራ ከነበረው ምስልም አምስት እጥፍ ይተልቃል። ቁጥሮቹ የጠርሙሱ ሒሳብ ወደ ኋላ ሲነበብ ናቸው፤ ብርሃን በመጣበት መንገድ መመለስ ስለሚችል እንዲህ መሆኑ አያስገርምም። የትኩረት ርቀቱ ከ25 ይልቅ ልክ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው በወጡ ነበር። ጋሊልዮ በ1609 ወደ ሰማይ ያነጣጠረው ቴሌስኮፕ በዓይን በኩል በታኝ ሌንስ የነበረው በዚሁ አሠራር ነው፤ የሚያሳየው ነገር ያልተገለበጠውም ለዚህ ነው።

ቀመሮቹ የሚሠሩበት ወሰን አለ። «ቀጭን ሌንስ» ሲባል ውፍረቱ ከርቀቶቹ አንጻር ችላ ሊባል ይችላል ማለት ነው፤ መሃሉ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የመነጽር ሌንስ ከ25 ሴንቲ ሜትር ጋር ሲተያይ ይህን ያሟላል። ጨረሮቹም ከዘንጉ ብዙ ያልራቁና ያልተጋደሉ መሆን አለባቸው። ማይነስ አሥር ያደረገ ሰው ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን አዙሮ በሌንሱ ጠርዝ በኩል ሲያይ ቀጥ ያለ የበር መቃን ጎብጦ፣ የመብራት ዳር ደግሞ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ተከትሎት ያያል። ጠርዙ ላይ ስብረቱ ስለሚበረታ፣ ሰማያዊ ብርሃንም ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ስለሚታጠፍ ነው። ቁጥሩ ራሱ የተሰጠውም ሌንሱ አየር ውስጥ ላለበት ጊዜ ነው። የመስበሪያ መጠኑ 1.5 የሆነ መስታወት ውኃ ውስጥ ሲነከር የትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ ገደማ ስለሚረዝም፣ ማይነስ አራቱ እዚያ የማይነስ አንድ ያህል ብቻ ይበትናል።